«ጉንፋን ይዟታል፣ ሲሻላት አምጫት» ተብዬ ተመለስኩ

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ልጄ ጥቅምት 5 ተወለደች። ያኔውኑ የክንዷን መርፌና የአፍ ጠብታውን ወስዳለች። የ45 ቀኑን ኅዳር 20 አስከተብኳት። ማታውን ትኩሳት ለቀቀባት፣ ስታለቅስ አመሸች፣ ጭኗም ላይ እብጠት ወጣ። አማቴ ‹ሳትጠመቅ ይዘሻት ወጥተሽ ምች መቷት ነው› አሉኝ። ታኅሣሥ 18 ለሁለተኛው ስሄድ ጉንፋን ይዟት ነበርና ‹ሲሻላት አምጫት› ተብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ክርስትናው ደረሰ። ከዚያ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ልጅ የሚጥል በሽታ ስላለበት፣ ባለቤቴ ‹መርፌው እሷም ላይ እንዳያመጣባት› ብሎ ፈራ። ይኸው አራት ወር ከሃያ ቀን ሆናት። አሁን ብወስዳት ከመጀመሪያው ይጀምሩላታል? ባንድ ቀን ሦስት መርፌ ይሰጣታል ሲሉም ሰምቻለሁ፣ አይበዛባትም? የክንዷ መርፌ ጠባሳም አልወጣላትም። ግራ ገብቶኛል።
የአንዲት ልጅ እናት፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣ ከመጀመሪያው የሚጀመር ነገር የለም። ኅዳር 20 የወሰደችው ካርዷ ላይ ተጽፏል፣ ሰውነቷም አልረሳውም። ባለሙያዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት። ከዚያ ካጠረ ሰውነት ትምህርቱን በደንብ አይዝም። ከረዘመ ግን የያዘውን አይጥልም። የመዘግየቱ ጉዳት ሌላ ነው። በመሐል ያሉትን ወራት ልጅሽ በግማሽ መከላከያ ነው ያሳለፈችው። እንደ ትክትክ ያለው በሽታ ደግሞ ክፉ የሚሆነው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ስለዚህ ሌላ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ውሰጃት።

አሁን ወደ ጉንፋኑ ልምጣ። መመለስ አልነበረብሽም። ንፍጥ፣ ቀላል ሳል፣ መጠነኛ ተቅማጥ፣ ከ38.5 ዲግሪ በታች የሆነ ትኩሳት፣ አንዳቸውም ክትባት አይከለክሉም። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ሰውነት ክትባቱን እንደ ጤነኛው ልጅ ነው የሚቀበለው። ጉንፋኑም በክትባቱ ምክንያት አይብስም። በየወሩ አፍንጫዋ የሚዘጋ ልጅ «እስኪሻላት» ከተባለ፣ በተለይ በእናንተ አገር ብርድ፣ ክረምት ከበጋ ሳትከተብ ልትከርም ነው።

ታዲያ ለምን መለሱሽ? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም መልሻለሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ክትባት ክፍል ተመድቤ ሳለሁ፣ የሚያስል ልጅ ሲመጣ እጄ ይፈራ ነበር። ልጁን ከትቤው ማታ ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ቢዞር «መርፌ ወግታ አሳመመችብኝ» እባላለሁ ብዬ ነው። አንድ የዘጠኝ ወር ልጅ ለኩፍኝ ክትባት መጥቶ ንፍጡን አይቼ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት እናቱን። አልተመለሰችም። ልጁን ደግሜ ያየሁት ሁለት ወር ቆይቶ ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱና ደረቱ በሽፍታ ተሞልቶ፣ አፉ ቆስሎ ጡት አልይዝ ብሎ። ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለንፍጥ ብዬ ልጅ መልሼ አላውቅም።

መታየት ያለበት የሕመሙ ክብደት ነው። ልጅቷ ጡት እምቢ ካለች፣ የበላችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ፈዛ ካልነቃች፣ ወይም ትኩሳቷ ከፍተኛ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ በቅድሚያ ትታከማለች፣ ክትባቱ እንዳገገመች ይሰጣታል። እዚህም ላይ ነገሩ ለቀናት መዘግየት ነው፣ መሰረዝ አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት ጥያቄ ቀላል ነው። ይህች ልጅ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልጋታል? መልሱ «አይ፣ መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ትሂድ» ከሆነ፣ ከመሄዷ በፊት ትከተባለች።

ተቅማጥን በተመለከተ ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ልጅቷ ተቅማጥ እያላት ብትመጣ የፖሊዮ ጠብታው ይሰጣታል፣ ግን አንጀቷ በደንብ ላይዘው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ዙር ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ አንድ ተጨማሪ ጠብታ ትወስዳለች። ባለሙያዋ ካልጠየቀችሽ «ተቅማጥ ላይ ናት» በያት።

ሰዎች ያለ ምክንያት ልጅ የሚያስቀሩባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንቲባዮቲክ እየወሰደ ያለ ልጅ ይከተባል። ያለ ጊዜው የተወለደም ይከተባል፣ የ45 ቀኑም የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው እንጂ መወለድ ከነበረበት ቀን አይደለም። የከሳና የተጎዳ ልጅማ እንዲያውም መቅደም ያለበት እሱ ነው፤ ኩፍኝም ሳንባ ምችም የሚበረታው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። አስም ያለበት፣ ቆዳው የሚያሳክከው፣ ሲወለድ ቢጫ ሆኖ የነበረ፣ ሁሉም ይከተባሉ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንሂድ፤ ባለቤትሽንም አማትሽንም ያስፈራቸው እሷ ናት መሰለኝ።

የ45 ቀኑ ላይ በግራ ጭኗ የተወጋችው ፔንታ ይባላል። አምስት በሽታ ባንድ መርፌ ነው። ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ፣ እና ማጅራት ገትርና ሳንባ ምች የሚያስከትል ሂብ የተባለ ተሕዋስ። ትኩሳቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የትክትኩ ክፍል ነው። የተዘጋጀው ከሞተው ሙሉ ተሕዋስ ስለሆነ ሰውነት ሲያየው ይነሳበታል። ከሚከተቡት ሕፃናት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ያተኩሳሉ። ትኩሳቱ በዚያው ቀን ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። እብጠቱም የመርፌው ነው። ሲነካ ጠጠር የሚል ነገር ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ካልቀላ፣ ካልጋለ፣ መግል ካልያዘ ዝም በይው፣ በራሱ ይጠፋል። አትሺው፣ ቅቤም አታድርጊበት።

ለቅሶውስ? ከሦስት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ፣ ምንም ቢያባብሏት የማታቆም ለቅሶ ከፔንታ በኋላ የታወቀ ነገር ነው። እናትን ያሸብራል፣ ይገባኛል። ግን ያልፋል፣ ልጅቷም ላይ የሚተወው ነገር የለም። የሚቀጥለውንም ዙር አይከለክልም።

የአማትሽን ነገር አልንቅም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ሕፃን ይዞ መውጣት ቀልድ አይደለም። ልጅቷን ጠቅልለሽ ፀሐይ ሞቅ ሲል መውጣትሽ ጥሩ ነው። ትኩሳቱ ግን የመጣው ከመርፌው ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ የመጀመሪያው ዙር ደግሞ የሚገባው በ45 ቀኗ ነው። ጥምቀቱ ይጠበቅ ቢባል ከአንድ ወር በላይ ያልፋታል። አንቺ ሳትጠብቂ መውጣትሽ ልክ ነበር።

ከመሄድሽ በፊት ግን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ያቺን ሌሊትና ተከታዮቹን ሁለት ቀናት አስታውሱ። ትክክለኛው መከልከያ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። መርፌውን በተወጋች በደቂቃዎች ወይም እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ፊቷ አብጦ፣ ሰውነቷ በሙሉ ሽፍ ብሎ፣ መተንፈስ ከብዷት ነበር? በሦስት ቀን ውስጥ እጅና እግሯ እየተንቀጠቀጠ ወይም ድርቅ እያለ ዓይኗ ተሰቅሎ ነበር? ወይም በድንገት ዝልፍልፍ ብላ፣ ገርጥታ፣ ሲጠሯት አልሰማ ብላ ነበር? ለሦስቱም መልሳችሁ «የለም» ከሆነ፣ ደብዳቤሽም እንደዚያ ያለ ነገር አይጠቅስም፣ ሁለተኛው ፔንታ ምንም አያግደውም።

«አዎ» የሚል መልስ ካለ ግን ሳትወጋ በፊት ተናገሪ። አንቀጥቅጧት ወይም ራሷን ስታ ከነበረ ፔንታውን አይደግሙላትም፣ ሌሎቹን ክትባቶች ግን ትቀጥላለች። ፊት የሚያሳብጥና ትንፋሽ የሚዘጋ ብርቱ አለርጂ ከነበረ ደግሞ ያው ክትባት ፈጽሞ አይደገምም። ይኼኛው ከሚሊዮን መርፌ አንድ ገደማ ነው የሚያጋጥመው። ቢያጋጥምም መድኃኒቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። «ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ተቀመጡ» የምንላችሁ ለዚህ ነው። እናቶች ይቸኩላሉ፣ እናንተ ግን ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ።

የባለቤትሽን ስጋት በዚህ መዝኚው። የሚታየው ልጅቷ ራሷ ናት። የአጎቷ ልጅ የሚጥል በሽታ ስላለበት እሷ አትቀርም፤ እናትና አባት፣ ወንድምና እህት ቢኖርባቸው እንኳ አያስቀራትም። የሚያስቆመው እሷ ራሷ በየጊዜው የሚነሳባትና ሕክምና ያልያዘው መንቀጥቀጥ ቢኖራት፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ የአንጎል ሕመም ቢኖርባት ነው። ያኔም የሚቆየው ፔንታው ነው።

ከሌሎቹ ክትባቶች የየራሳቸው ጥቂት መከልከያ ያላቸው አሉ። የክንዱ መርፌ፣ ቢሲጂ፣ ሕይወት ያለው ግን የተዳከመ ተሕዋስ ስለሆነ፣ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ለተረጋገጠ ልጅ መድኃኒት ጀምሮ እስኪረጋጋ ድረስ አይሰጥም። ብርቱ ተቅማጥ የሚከላከለው የሮታ ጠብታ ደግሞ አንጀቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተዘግቶበት ለሚያውቅ ልጅ አይሰጥም። ልጅሽ በሁለቱም የለችበትም።

የጠባሳው ጉዳይ አጭር ነው። ቢሲጂ ከተሰጠ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ መግል ይይዛል፣ ይፈነዳል፣ ይደርቅና ጠባሳ ይተዋል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ምንም ሳይወጣ ይቀራል። ያ ክትባቱ አልያዘም ማለት አይደለም። ካርዷ ላይ ቀኑ ከተጻፈ አይደገምም። ጎረቤት ልጅ ላይ መግል ሲይዝ ብታዪም እናቱ አልኮልና ቅባት እንዳታደርግበት ንገሪያት፣ ክፍት ትተወው።

አሁን የልጅሽን ቀናት አብረን እንቁጠር። የካቲት 27 ወሰድሻት እንበል። ያን ቀን ሁለተኛውን ፔንታ በአንድ ጭኗ፣ ሁለተኛውን ፒሲቪ፣ ማለትም የሳንባ ምች መከላከያውን፣ በሌላው ጭኗ ትወስዳለች። ሁለተኛውን የፖሊዮ ጠብታና ሁለተኛውን ሮታ በአፏ ትወስዳለች። ሮታ በዚህ ያልቃል። የፖሊዮ መርፌም አለ። እሱ የሚሰጠው በሦስት ወር ተኩል ነው፣ እሷ ደግሞ አልፋዋለች፣ ስለዚህ እዚያው ቀን ልትወስደው ትችላለች። «ሦስት መርፌ» ሲሉ የሰማሽው ይሄንን ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ባንዱ ጭን ላይ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ይወጋል፣ ቢያብጥ የትኛው እንዳመጣው እንዲለይ።

አይበዛባትም። ልጅሽ እጇን አፏ ውስጥ በከተተች ቁጥር ከእነዚህ መርፌዎች የበዛ ተሕዋስ ታገኛለች፣ ሰውነቷም ያስተናግደዋል። ብዙ መርፌ ባንድ ቀን ሲሰጥ የሚጨምረው የሚያመው ቦታ ብዛት ነው። ትኩሳቱ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ከፍሎ መስጠት ደግሞ ሦስት ቀን ማመላለስና ሦስት ጊዜ ማስለቀስ ነው፤ ከሦስቱ ቀን አንዱ እንደሚቀር ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ከየካቲት 27 በኋላ 28 ቀን ቁጠሪ፣ መጋቢት 25 ይሆናል። ያን ቀን ሦስተኛው ፔንታ፣ ሦስተኛው ፒሲቪና ሦስተኛው የፖሊዮ ጠብታ። የፖሊዮ መርፌው በየካቲት ካልተሰጣት አሁን ይሰጣታል። ከዚያ እስከ ሐምሌ 5፣ ዘጠኝ ወሯ እስኪሞላ፣ ታርፋላችሁ። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያውን የኩፍኝ መርፌ ትወስዳለች። ሁለተኛው ኩፍኝ በ15 ወሯ ነው፣ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ጥር 5 ይውላል። እባክሽ ይህችን ጥር ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ክበቢያት። ልጁ መሄድ ሲጀምር እናት ክትባቱ ያለቀ ይመስላታል፣ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው።

ስለ ኩፍኙ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መጥቶ በፈሳሽ የሚበጠበጥ ነው፣ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይሆናል። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ መክፈት ስለሚሳሱ «ልጆች ሲሰበሰቡ ነይ» ይሉሻል። አሠራሩ ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው። ቢሆንም ጠብ አትፍጠሪ። ቀድመሽ «ኩፍኝ የምትሰጡት በየትኛው ቀን ነው?» ብለሽ ጠይቂና በዚያ ቀን ሂጂ። ያም ሆኖ ቢመልሱሽ «ዘጠኝ ወሯ ሞልቷል፣ ዛሬ ይከፈትላት» በይ። ከኩፍኝ መርፌ በኋላ ደግሞ ትኩሳቱ ማታውን አይመጣም። ከሳምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ሊያተኩሳት፣ ቀላል ሽፍታም ሊወጣባት ይችላል። ያኔ አማትሽ ሌላ ምክንያት እንዳይፈልጉለት ከአሁኑ ንገሪያቸው።

የካቲት 27 ማታ ለሚመጣው ትኩሳት ፓራሲታሞል ቤትሽ ይኑር። ሳታተኩስ አስቀድመሽ አትስጫት፣ ካተኮሰች ነው። ስድስት ኪሎ ለምትመዝን ልጅ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም የሚል ሽሮፕ ከሆነ 2.5 ሚሊ ሊትር ስጫት። ካስፈለገ በየ6 ሰዓቱ ይደገማል፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይለፍ። በትንሽ ጠርሙስ «ጠብታ» ተብሎ የሚሸጠው ግን በጣም የጠነከረ ነው፣ ልኩም ሌላ ነው። እሱን ከገዛሽ መድኃኒት ቤቱን በልጅቷ ኪሎ ልክ ጠይቂ። ልብሷን ቀለል አድርጊላት፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጫት። አልኮል አትቀቢያት። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም ቀደም ብዬ ከጠቀስኳቸው የሚያስፈሩ ምልክቶች አንዱን ካየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት።

እንግዲህ ዳግም «ጉንፋን አለባት» ብለው ሊመልሱሽ ቢሉ፣ በትህትና «ጡት ትጠባለች፣ ትኩሳትም የላትም፣ ለክተው ይዩልኝ» በይ። ሙቀቷን ለክተው አይተው የሚመልስሽ አይኖርም ብዬ አስባለሁ። ካለ ደግሞ «የክፍሉን ኃላፊ ላነጋግር» ማለት መብትሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማትሽን አስከትለሽ ሂጂ። በሦስት መርፌ ጊዜ አንድ ሰው ልጅቷን ታቅፎ ጡት ሲያጠባት፣ ሌላው ጉልበቷን ያዝ ሲያደርግላት በጣም ይቀላል፤ ጉልበቷን እሳቸው ይያዙላት።